ሽቱትጋርት ወይስ አምስት ኪሎ? ለእህቴ ልጅ የጻፍኩት ምክር

ልጄ፣

የላክሽልኝን ሁለት ወረቀት አነበብኩ። አንዱ ከጀርመኑ ሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ በውሃ ሀብት ምህንድስናና አስተዳደር የሁለት ዓመት ማስተርስ መግቢያ ነው፤ ስኮላርሺፕ ግን የለውም። ሌላው አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በሃይድሮሊክ ምህንድስና የተቀበለሽ ነው። እናትሽ «በእጅ የገባ የውጭ ዕድል እንዴት ይታለፋል?» ትላለች። አባትሽ ዝም ብሏል፤ ዝም ያለውም ገንዘቡን እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ በቅጥርና በትምህርት ዕድል ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። የሄዱትንም፣ የተመለሱትንም፣ በዚያው የቀሩትንም ፋይላቸውን አገላብጫለሁ። ከዚያ የተረዳሁትን በተራ ቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ከአገሩ በፊት ከፋዩን እይ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቅሽ «የት ነው የምትማሪው?» ብሎ ነው። ኮሚቴ ውስጥ ስንቀመጥ ግን የአንድን ልጅ ዕጣ በብዛት የወሰነው ትምህርቱን ማን ከፈለለት የሚለው ነበር። ስለዚህ የሽቱትጋርቱን ሒሳብ አብረን እንሥራ።

ለጀርመን የተማሪ ቪዛ የአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ፣ ልጆቹ «ብሎክድ አካውንት» በሚሉት፣ ማስቀመጥ አለብሽ። እዚያ ስትደርሺ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅልሻል፤ የቤት ኪራይ፣ የጤና መድን፣ ምግብ ሁሉ ከዚያው ነው። ጀርመን ውስጥ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ሲባል ሰምተሻል፤ እውነት ነው። ሽቱትጋርት ያለበት የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከመጣ ተማሪ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይቀበላል። በአራት ሴሚስተር 6,000 ዩሮ ይሆናል። የሁለቱ ዓመት መኖሪያ 23,808 ነው። ሲደመር ወደ 30,000 ዩሮ ይጠጋል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የሴሚስተር መዋጮውንና ለሰነድ የሚወጣውን ገና አላነሳሁም።

የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ስለሚዋዥቅ፣ ለሒሳብ እንዲመች አንድ ዩሮ 150 ብር እንበል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሒሳቡ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የመጀመሪያው ዓመት ማስቀመጫ ብቻውን ወደ 1.8 ሚሊዮን ብር ነው። በወር 20,000 ብር የሚያገኝ ሰው ምንም ሳይበላ ሙሉ ደመወዙን ቢያስቀምጥ 90 ወር፣ ማለትም ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። አባትሽ ዝም ያለው ለዚህ ነው።

ፍራንክፈርት ያለው አጎትሽ ሊያበድርሽ ፈቃደኛ መሆኑን ነግረሽኛል። ደግ ሰው ነው። ነገር ግን የሚያበድርሽ በዩሮ ነው፤ የምትመልሺለትም በዩሮ ነው። ይህን ያዢልኝ፤ ስለ መመለስ ስንነጋገር እመጣበታለሁ።

2. የሁለተኛውን ዓመት ገንዘብ አሁኑኑ ጠይቂ።

ቪዛ ሲመታ ብዙ ልጆች ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላቸዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ መተዳደሪያ እንዳለሽ እንደገና ማሳየት ይጠበቅብሻል። በዝግ ሒሳቡ የነበረው በየወሩ ተበልቶ አልቋል፤ አበዳሪውም በዚያው ዓመት ሌላ 12,000 ዩሮ አያገኝም። «እሠራለሁ» የሚለው መልስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እሱንም እናስላው። እ.ኤ.አ. በ2025 የጀርመን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። 992 ዩሮ ለማግኘት በወር 77 ሰዓት መሥራት ይጠይቃል። ለትምህርት ክፍያው በወር 250 ዩሮ ስትጨምሪበት ወደ 97 ሰዓት ይደርሳል፤ በሳምንት 22 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ለተማሪ በዓመት የሚፈቀደው 140 ሙሉ ወይም 280 ግማሽ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ሕጉ ከሚፈቅደው ጫፍ ላይ ያስቆምሻል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሙያሽ የሚቀጥርሽ ቢሮ ግን ጀርመንኛ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሴሚስተሮች የምታገኚው የመጋዘን፣ የጽዳት ወይም የወጥ ቤት ሥራ ነው። ሥራው አያሳፍርም። የሚያሳዝነኝ የሃይድሮሎጂ ሞዴል መሥራት ያለበት ጭንቅላት ሌሊቱን ካርቶን ሲደረድር አድሮ ጠዋት ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቱ ነው። ከዚያ አንድ ፈተና ይተላለፋል፣ አራቱ ሴሚስተር ስድስት ይሆናል፣ ወጪውም አብሮ ይረዝማል።

እንዲህ እየሠሩ በጥሩ ውጤት የጨረሱ አሉ። አብዛኞቹ ግን ከመሄዳቸው በፊት ጀርመንኛ ያጠኑ ነበሩ።

3. የስኮላርሺፕን ውል እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢ።

ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዕድል ካገኘሽ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ያኔ እኔም እናትሽ ጎን ነኝ። ግን ውሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም።

የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሺም አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት እንድትቆዪ ያስገድዳል። የአሜሪካው ፉልብራይት በጄ-1 ቪዛ ስለሚወስድሽ፣ ከትምህርቱ በኋላ ሁለት ዓመት በአገርሽ ሳትኖሪ በአሜሪካ ቋሚ መኖሪያም ሆነ ኤች-1ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛ ማግኘት አትችዪም። ሁለቱን ዓመት ናይሮቢ ወይም ዱባይ ብትቀመጪ አይቆጠርልሽም። የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ የመመለስ ግዴታ የለበትም። ስለዚህም ነው የትምህርት ዕድል ኮሚቴዎች የኢራስመስ ተማሪ ፈቃድ ሲጠይቅ ረዘም አድርገው የሚያስቡት።

ላንቺ የሚመጥነው ሌላ ነው። ዳአድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት «ኢፖስ» በሚለው መርሐ ግብሩ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የተመረጡ ኮርሶችን ይከፍላል። አንቺን የተቀበለሽ የሽቱትጋርቱ ኮርስ ከእነዚያ አንዱ ነው። የሚጠይቀው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሙያ ልምድ፣ ከስድስት ዓመት ያልበለጠው የመጨረሻ ዲግሪና ከአሠሪሽ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አንቺ ከአርባ ምንጭ ከተመረቅሽ አራት ዓመትሽ ነው፤ በዞኑ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሦስት ዓመት ሠርተሻል። ብቁ ነሽ፤ የቀረሽ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በራስሽ ገንዘብ ለመሄድ ስትጣደፊ ያላየሽው በር ይህ ነው። ኮርሱ ያው፣ መምህራኑም እነዚያው፣ ክፍሉም ያው ሆኖ ሳለ፣ አንዷ በየወሩ አበል እየተቀበለች ትማራለች፤ ሌላዋ መጋዘን አድራ ትመጣለች።

4. ዲግሪው በሁለቱም በኩል እንዲታወቅ አድርጊ።

ስለ ዕውቅና የሚወራው አብዛኛው «የውጭ ዲግሪ ይከበራል» የሚል ነው። በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። ከውጭ የመጣ ዲግሪ አገር ውስጥ ለመቀጠር በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ማግኘት አለበት። ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ በአካል ተምረሽ ከመጣሽ ችግሩ ያን ያህል አይደለም። እክል የሚገጥማቸው በኦንላይን የተገኙ፣ በአገራቸው ዕውቅና ከሌለው ተቋም የመጡ፣ ወይም ከመጀመሪያው ዲግሪ ጋር የማይገናኙ ናቸው።

ከዚህ በላይ ያስቸገረን የዲግሪው ስም ነበር። ማስታወቂያው «በሃይድሮሊክ ምህንድስና» ይላል፤ የልጁ ወረቀት «ውሃ ሀብት ምህንድስናና አስተዳደር» ይላል። የሰው ኃይል ሠራተኛው ያየው ርዕሱን ብቻ ነው፤ «አስተዳደር» የሚለውን ሲያነብ ማኔጅመንት ተማረ ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። አንድ ጥሩ የተዘጋጀ ልጅ ግን የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫ፣ ጀርመኖቹ የሞጁል መጽሐፍ የሚሉትን፣ በዩኒቨርሲቲው ማኅተም አሳትሞ ይዞ መጣ። ገለጥን፤ ሃይድሮሊክስ፣ ግድብ፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ሁሉም አለ። በአሥር ደቂቃ አለቀ። ያንን ሰነድ ከተመረቁ በኋላ ከአዲስ አበባ ሆኖ በኢሜይል መለመን ግን ወራት ይፈጃል። የትም ብትማሪ ከመውጣትሽ በፊት አሳትመሽ ያዢ።

ከዚህ ስትሄጂም እንዲሁ ነው። አሁን በእጅሽ ያለው ቴምፖራሪውና ስቱደንት ኮፒው ነው። ኦሪጅናል ዲግሪውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት የወጪ መጋራቱን ዕዳ መጨረስ ወይም መልክ ማስያዝ አለብሽ። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው፤ ኤምባሲ ቀጠሮ ደርሶ ሬጅስትራር ፊት ለፊት ሲያለቅሱ ያየኋቸው ብዙ ናቸው።

የአገር ውስጡ ዲግሪ ውጭ ይታወቃል ወይ ለሚለው፣ ጀርመኖች አናቢን በሚሉት የመረጃ ቋታቸው የየአገሩን ተቋማት ይመዘግባሉ፤ H+ የሚል ምልክት ያለበት ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና አለው ማለት ነው። የምትማሪበት ስም እዚያ ምን እንደተባለ ራስሽ ገብተሽ እዪ። የግል ኮሌጅ የሚያስብ ጓደኛ ካለሽም ንገሪው፤ እዚህ ዕውቅና የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ስለሆነ፣ ኮሌጁ ዕውቅና ያለው መሆኑ ብቻ አይበቃም።

5. ዋስሽን አስቢ።

ይህን ቁጥር ስጽፍ ፊቱ የሚመጣብኝ አንድ ሰው አለ። በመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ክፍል የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ለአንድ ወጣት መምህር ለትምህርት ሲሄድ ዋስ ሆኑለት። ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ለትምህርት ሲወጣ፣ ተመልሶ የተወሰነ ዓመት እንደሚያገለግል፣ ባይመለስ የወጣበትን ገንዘብ እንደሚከፍል ውል ይፈርማል፤ ደመወዝ ያለው ዋስም ያቀርባል። ልጁ አልተመለሰም። ክስ ተመሠረተ፤ ፍርድ ቤት ዋሱ እንዲከፍሉ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የደመወዛቸው አንድ ሦስተኛ ይቆረጥ ነበር። ፔሮል ላይ ሲፈርሙ መነጽራቸውን አውልቀው የተቆረጠውን ቁጥር በጣታቸው ይነኩት ነበር። ልጁን አንድም ቀን ሲያማርሩት አልሰማሁም፤ «ይደላው ይሆን?» ብለው ግን ይጠይቁኝ ነበር።

ስለዚህ ውሉን ስትወስጂ ሦስት ነገር እዪ። ስንት ዓመት ታገለግያለሽ፤ ይህ እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል። ባትመለሺ የሚከፈለው ደመወዙ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ወጪ ተጨምሮበታል። የምትመለሺበት ቀንስ የሚቆጠረው ከምርቃት ነው ወይስ ፈቃዱ ካለቀበት ቀን? ቴሲሱ ቢዘገይ ማራዘሚያውን በጽሑፍ ካልጠየቅሽ፣ ለመመለስ እያሰብሽ እንኳ እንደ ከዳሽ ትቆጠሪያለሽ። እንዲህ ያለ ፋይል ደጋግሞ ጠረጴዛችን ላይ ይመጣ ነበር።

6. የአምስት ኪሎን ድካምም ጥቅምም በትክክል መዝኚ።

እዚህ መማር ርካሽ ነው የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ከሆነሽ ደመወዝሽ አይቋረጥም፤ በግል ከሆነም ክፍያው በብር ነው። ዋናው ወጪ ጊዜ ነው። ኮርሱ በዓመቱ ያልቃል፤ ቴሲሱ ላይ ነው ብዙዎች የሚቀሩት። አማካሪው ሥራ ይበዛበታል፤ የመስክ ወጪ ከኪስ ይሆናል፤ ከወንዝ መለኪያ ጣቢያ የሚመጣው መረጃ መሐሉ የጎደለ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት የትምህርት ክፍሉን የቀድሞ ተማሪዎች አግኝተሽ በየትኛው አማካሪ ሥር ተማሪ በጊዜ እንደሚጨርስ ጠይቂ። ይህን የሚነግርሽ ማስታወቂያ የለም፤ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ስትጠጡ ግን በአምስት ደቂቃ ይነግሩሻል።

ጥቅሙ ደግሞ ሙያሽ ውሃ ስለሆነ ከሌላው ይበልጣል። አባያና ጫሞን እያየሽ ያደግሽ፣ ኩልፎ ወንዝ በክረምት ምን እንደሚያደርግ የምታውቂ ልጅ፣ ራይን ወንዝ ላይ የተፈተነ ሞዴል ይዘሽ ብትመጪ ለኩልፎ እንደገና ማስተካከል ይጠብቅሻል። እዚህ ስትማሪ የምታጠኚው ውሃ ነገ የምትሠሪበት ውሃ ነው። በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና በሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት መረጃ ስትለምኚ የምታውቂያቸው ሰዎችም ለሃያ ዓመት የምትደውዪላቸው ናቸው። ከውጭ የተመለሰ ልጅ ይህን ከዜሮ ሲጀምር አይቻለሁ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሰዉ ስለማያወራው ብቻ አትለፊው። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ በአልጄሪያ ትለምሰን ከተማ የውሃና ኢነርጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ለሚቀበላቸው ተማሪዎችም ስኮላርሺፕ ይሰጣል።

7. የመመለሱን ነገር ለራስሽ እውነቱን ንገሪው።

«ተምሬ እመለሳለሁ» ያሉኝ ሁሉ ሲሉት ከልባቸው ነበር። አንዳቸውንም ዋሸኝ አልልም። ግን ከፋይላቸው ያየሁት ይህ ነው። ሥራቸውን ሳይለቁ፣ ሙሉ ወጪ ተከፍሎላቸው፣ ለአጭር ጊዜ የሄዱት ብዙዎቹ ተመልሰዋል። በብድር የሄዱት ግን መመለስ ቢፈልጉም ሒሳቡ አላስመለሳቸውም።

ያዢልኝ ያልኩሽ የአጎትሽ ብድር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ጀርመን ለተመረቀ ተማሪ ሥራ የሚፈልግበት እስከ 18 ወር የሚደርስ ፈቃድ ይሰጣል። 12,000 ዩሮ ዕዳ ያለባት ልጅ፣ አንድ ጎን በዩሮ የሚከፍል መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ጎን ዕዳውን ለመክፈል ሙሉ ሰባት ዓመት ተኩል የሚፈጅ የብር ደመወዝ ሲቀርብላት፣ ምርጫ አላት ማለት ይከብዳል። ውሳኔው የተወሰነው ምርቃት ላይ ሳይሆን ብድሩን የተቀበለችበት ቀን ነው። በዚያ መቅረት ኃጢአት አይደለም፤ ከዚያ ሆነው ቤተሰብ የሚደግፉ፣ ተማሪ የሚያግዙ አሉ። ለመቅረት ከሆነ ግን ለመቅረት ብለሽ፣ ጀርመንኛውን አጥንተሽ፣ ሥራሽን በአግባቡ ለቀሽ፣ ማንንም ዋስ ሳታደርጊ ሂጂ። ለእናትሽም ቁርጡን ንገሪያት፤ የሁለት ዓመት እንግድነት መስሏት በየፋሲካው አትጠብቅሽ።

8. እኔን ከጠየቅሽኝ።

የሽቱትጋርቱን መግቢያ በብድር አትሂጂበት። ለኢፖስ ግን ለዚያው ኮርስ በዚህ ዓመት አመልክቺ፤ ባይሳካ በሚቀጥለው ዓመት ድገሚው፤ ስድስቱ ዓመት እስኪሞላ ያለሽ ዕድል እሱ ነው። አምስት ኪሎን የምትጀምሪው ግን እሱን ሞክረሽ ካየሽ በኋላ ይሁን፤ ማስተርስ ከያዝሽ በኋላ ለሌላ ማስተርስ ስኮላርሺፕ የሚሰጥሽ ጥቂት ነው። የአምስት ኪሎውን መግቢያ ፈተና እንደገና መፈተን ቢመጣ ዘንድሮ ያለፈች ልጅ ከርሞ አትወድቅም። ሁለቱም ዙር ካልሆነ አምስት ኪሎ ግቢ፤ ውጭውን ለፒኤችዲ አቆዪው። ጀርመን ውስጥ ብዙ የዶክትሬት ተማሪ በደመወዝ የሚቀጠር ሠራተኛ ነው፤ በኩልፎ ላይ የሠራሽው ጥሩ ቴሲስም ያኔ ከማንም ቀድሞ ያስገባሻል።

የኢፖስ ማመልከቻ ጊዜ እንደየኮርሱ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከሚጀመርበት አንድ ዓመት ቀድሞ ይዘጋል። ቀኑን ከኮርሱ ገጽ ዛሬውኑ አረጋግጪ። ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የምትፈልጊው የድጋፍ ደብዳቤ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያለው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይሁን፤ ከትምህርቱ ስትመለሺ ወደ ሥራሽ እንደሚመልሱሽ የሚገልጽ መስመር ሊጨምሩበት ከፈቀዱም አስጨምሪ። ኃላፊው ጊዜ ከሌላቸው ረቂቁን አንቺ ጽፈሽ ውሰጂላቸው። ለእኔም ቅጂውን ላኪልኝ፤ እንግሊዝኛውን አይቼ በዚያው ቀን እመልስልሻለሁ።

አጎትሽ